መልስ፦ ኪኩ ሲመታ ቤዙ ይጠፋል

«ሐዋሳ ያለ ላውንጅ ውስጥ ሳጫውተው ቤዙ ጭራሽ አይሰማም። ትራኩ 120 ቢፒኤም ነው። ሳይድቼኑ ይሆን እንዴ?»

የሳይድቼኑ ሪሊዝ፣ ማለትም ኪኩ ሲመታ ዝቅ ያለው ቤዝ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ፣ ሳይረዝምብህ አይቀርም። በ120 ቢፒኤም ከአንዱ ኪክ እስከ ቀጣዩ 500 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ሪሊዙ 400 ከሆነ ቤዙ ቀና ሳይል ሌላው ኪክ ይደርስበታል።

መጀመሪያ ቤዙ ላይ ያለው ኮምፕረሰር የሚሰማው ኪኩን ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። ሙሉውን ድራም ከሰጠኸው ስኔሩም ቤዙን ይጨፈልቀዋል፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። ከዚያ ሬሾውን 4 ለ 1፣ ሪሊዙን 150 አድርግና ኪኩ ሲመታ ሜትሩ 6 ዴሲቤል ያህል መቀነሱን እስኪያሳይ ትሬሾልዱን አውርደው። ቀጣዩ ኪክ ሳይመጣ ሜትሩ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ሪሊዙን አሁንም አሳጥር።

አታኩን ግን ዜሮ አታድርገው፤ ቤዙ በድንገት ሲቆረጥ «ቀጭ» ይላል። 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል።