ርቢው የት ላይ ያበቃል?

ጥያቄ፦ «አዳማ የሒሳብ መምህር ነኝ። የፈተና ጥያቄዎችን ደብተር ላይ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለጽሕፈት ቤት እልካለሁ። ባለፈው ፈተና መልሱ 3 የሆነ ጥያቄ ነበር፤ ጎበዞቹ ተማሪዎች ግን ‹ከምርጫዎቹ ውስጥ መልስ የለም› አሉኝ። የታተመውን ሳየው 2ˣ + 1 = 16 ይላል። እኔ 1ዱንም ከላይ ነበር የጻፍኩት። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው። የእርስዎ ጥያቄ 2ˣ⁺¹ = 16 ነው፤ 16 ማለት 2⁴ ስለሆነ x + 1 = 4፣ x ደግሞ 3 ይሆናል። በታተመው ግን 2ˣ = 15 ነው። 2³ 8፣ 2⁴ ደግሞ 16 ስለሆኑ x በ3 እና በ4 መካከል፣ 3.9 አካባቢ ይወድቃል።

እኛ ጸሐፊዎች ርቢው የት እንደሚያበቃ የምናውቀው በመደመር ምልክቱ ከፍታ ብቻ ነው። በእጅ ሲጻፍ x ከላይ ይቀመጥና + እና 1 እየወረዱ ይመጣሉ። ፎቶው በሰያፍ ከተነሣ ደግሞ ጭራሽ መስመሩ ላይ ያረፉ ይመስላሉ። ቴሌግራም ምስሉን ሲያሳንሰው ደቃቃው ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት።

የደብተር መስመር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የክፍልፋዩ ሰረዝ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ይዋጣል ወይም አጭር ይመስላል። x + 6 በሙሉ ለ3 ሲካፈል፣ x 6 ከሆነ መልሱ 4 ነው። ሰረዙ ከ6 ሥር ብቻ ከታየ ግን 6 + 2፣ ማለትም 8 ይሆናል። መስመር በሌለው ነጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል። ከታች የሚጻፉ ትንንሽ ቁጥሮችም ያው ናቸው፤ log₂8 መልሱ 3 ሲሆን፣ log 28 ተብሎ ከተነበበ 1.45 ገደማ ይሰጣል።

ዋናው መፍትሔ ቅንፍ ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን በአንድ መስመር እንዲህ ብለው ይጻፉልን፦

```
2^(x+1) = 16
(x+6)/3
log_2(8)
```

ዎርድ ላይ Alt እና = ተጭነን የመጀመሪያውን እንዳለ ስንጽፈውና ክፍተት ስንሰጥ፣ ቅንፉ ይጠፋና x+1 አንድ ላይ ከላይ ይወጣል። ቅንፍ ከሌለው 2^x+1 ግን ላይ የሚወጣው x ብቻ ነው፤ የእርስዎም ጥያቄ የተበላሸው እንዲህ ይመስለኛል።

ከመባዛቱ በፊት አንድ ቅጂ ይጠይቁና ደብተርዎን ዘግተው ከታተመው ላይ ይሥሩት። ራስዎ የጻፉትን እያዩ ካረሙ ዓይንዎ ያሰቡትን ያነባል። መልሱ ሙሉ ቁጥር መውጣቱም ዋስትና አይሆንም፦ 2ˣ⁺¹ = 2 እና 2ˣ + 1 = 2 ሁለቱም x = 0 ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከመልሱ ይልቅ የ+ ምልክቱን ከፍታ ይመልከቱ።