የድሮ ደመወዝህን ሲጠይቁህ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ለመጋዘን ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ አለብኝ። አሁን መዝገብ ያዥ ነኝ፤ 9,000 ብርና 1,500 የትራንስፖርት አበል አገኛለሁ። ደመወዜን ቢጠይቁኝ ልጨምርበት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ልምድ ማስረጃህ ላይ ደመወዝህም ይጻፋል። አምጣ ሲሉህ ትጋለጣለህ። ደግሞ ድሬ እኮ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል።

ጥያቄው ማናደዱ ግን እውነት ነው። አንዴ በትንሽ ከተቀጠርክ ያ ቁጥር በየሄድክበት ይከተልሃል፤ አዲሱ ሥራ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ይረሳል። መጀመሪያ «ለመደቡ ስንት ይዛችኋል?» በል። ከገፉህ፦ «ያልተጣራ 9,000፣ ከአበል ጋር 10,500 ነው። እዚያ መዝገብ ብቻ ነው የምይዘው፤ እዚህ ንብረቱንም ሠራተኛውንም እረከባለሁ። ለዚህ 15,000 እጠብቃለሁ።» ከዚያ ዝም በል። የተጣራውን አትጥራ፤ ግብር እና 7 በመቶ ጡረታ የተቀነሰበትን እንደ ሙሉ ደመወዝ ይይዙብሃል።