«ከ»፣ «ወይስ» እና «ምርጥ» በንጽጽር ርእሶች ላይ

ጥያቄ፦ የስልክ ግምገማ እጽፋለሁ። አንዱን ጽሑፌን «ምርጥ ስልክ ለፎቶ፦ iPhone 15 ከ Galaxy S24» ብዬ ብሰይመው ባልደረባዬ «ይህ አማርኛ አይደለም» አለኝ። ገዢዎች ግን ሲፈልጉ vs ብለው ነው የሚጽፉት። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ተሳስቷል አልልም፤ ነገር ግን ርእሱን ያበላሹት የባዕድ ስሞቹ ሳይሆኑ በመካከላቸው የቆመችው «ከ» እና ከፊት የመጣው «ምርጥ» ናቸው።

በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር ቅጽሉን አንለውጥም፤ ማወዳደሩን የሚሸከሙት «ከ» እና እንደ «ይሻላል»፣ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል» ያሉ ግሶች በአንድነት ናቸው። «ከዚህ ያኛው ይሻላል» ስንል «ከ» የተቀጠለችበት የተበለጠው ነው። ስለዚህ በርእስዎ ላይ «ከ Galaxy S24» የሚለውን ያነበበ ሰው ግስ ይጠብቃል፤ ግሱን ሲያጣም አንዱ ስልክ አስቀድሞ እንደተበለጠ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በእግር ኳስ ዜና ላይ በሁለት ቡድኖች ስም መካከል «ከ» ብቻዋን ስትቆም የማትከብደን፣ የተዋጠው ግስ «ይጫወታል» እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ስልኮች ግን አይጋጠሙም፤ የተዋጠውን ግስ አንባቢው በግምት ሊሞላው አይገባም።

ለእርስዎ የሚስማማው ቃል «ወይስ» ነው። «ወይስ» ከሁለት አንዱን አስመርጦ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ vs ብሎ የሚጽፈው ገዢ በልቡ የያዘውን ጥያቄ በትክክል ይገልጻል። አንድ ግዴታ ግን አለበት፤ ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ መሆን ይኖርበታል። «iPhone 15 ወይስ Galaxy S24 ግምገማ» የሚለው ጥያቄ ስላልሆነ ያነክሳል። «ወይም» ቢተካበትም አይድንም፤ «ወይም» ከሁለቱ የተገኘው ይበቃል የሚል ስሜት ስላለው የንጽጽሩን ፍሬ ያጠፋዋል።

«ወይስ» ሌላም ጥቅም አለው፤ ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል በመሆኑ የሞዴሉን ስም አይነካም። «ከ»፣ «ለ»፣ «በ» እና «የ» ግን በአጻጻፋችን ከሚቀጥለው ስም ጋር ይጣበቃሉ፤ እርስዎ እንዳደረጉት በክፍት ቦታ መለየቱ ከተለመደው አጻጻፍ ይወጣል። እንደ ልማዱ ሲጣበቁ ደግሞ «ከGalaxy» ይሆናል፤ በዩኒኮድ መደበኛ የቃል አከፋፈል ደንብ መሠረት በግእዝና በላቲን ፊደል መካከል የቃል ድንበር ስለሌለ፣ ይህ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። በጽሑፍ ማዘጋጃዎ ላይ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ምርጫ አብርተው Galaxy ብለው ቢፈልጉ፣ ደንቡን የሚከተል ፕሮግራም «ከGalaxy»ን ያልፈዋል። የሞዴሉ ስም በርእሱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ነጻ ሆኖ፣ በማሸጊያው ላይ እንደታተመው ሆኖ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

«ምርጥ ስልክ ለፎቶ» የሚለው ሐረግ በተውሶ ቅደም ተከተል የተሰደረ ነው። በአማርኛ ገላጩ ከተገላጩ ስለሚቀድም «ለፎቶ የሚሆን ስልክ» እንላለን። «ምርጥ» ደግሞ «መረጠ» ከሚለው ግስ የመጣ እንደመሆኑ ከብዙ መካከል የተመረጠ ማለት ነው፤ ሁለት ስልኮችን ብቻ ያየ ጸሐፊ ይህን ቃል ሊጠቀምበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። «የቱ ይሻላል» ማለት ልኩ ነው፤ ገዢውም በአፉ የሚጠይቀው እንዲሁ ነው። «ንጽጽር» የሚለውን ቃል በርእስ ላይ የማልመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያ ላይ ሥሩ «ነጸረ» ሆኖ በ«ጸ» መጻፍ ሲገባው ብዙ ሰው በ«ፀ» ስለሚጽፈው፣ ፈላጊና ጸሐፊ በአንድ ቃል ላይ ሊተላለፉ ይችላሉ።

«ለፎቶ» የሚለውም ሰፊ ነው። Galaxy S24 ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ የተለየ ሌንስ አለው፤ iPhone 15 ግን እንዲህ ያለ ሌንስ የለውም። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ከሩቅ በሚነሣ ፎቶ ላይ ከሆነ፣ የ«ለ» ሐረግም ይህንኑ ይናገር፦ «iPhone 15 ወይስ Galaxy S24፦ ከሩቅ ፎቶ ለማንሣት የቱ ይሻላል?» ከሞዴሉ ስም አንዲት ቃል መጨመር ወይም መጉደል ፍርዱን እንደሚለውጥም ልብ ይበሉ፤ iPhone 15 Pro ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ስላለው፣ ለ iPhone 15 የሰጡት መልስ ለእርሱ አይሠራም።

ጥያቄውን ትተው ፍርዱን በርእሱ ላይ ለመናገር ከፈለጉ «ከ» ተመልሳ ትመጣለች። ያን ጊዜ የአምራቹን ስም በግእዝ ፊደል ከፊት ያስቀድሙና ቅጥያውን እርሱ ይሸከም፦ «ከሩቅ ፎቶ ለማንሣት የሳምሰንግ Galaxy S24 ከአፕል iPhone 15 ይሻላል»። ከላይ «ለ iPhone 15» ብዬ ለይቼ የጻፍሁትም «ለአፕል iPhone 15» ቢሆን ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር።