412 እና 640፦ የቤታ ኤችሲጂ ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው

«ሰላም እህቶች፣ ከድሬዳዋ ነኝ። ፔሬዴ ከመጣ 5 ሳምንት ሆኖኛል። ሰኞ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደም ሰጥቼ ቤታ ኤችሲጂ 412 አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስደግመው 640 ሆነ። እጥፍ መሆን አለበት ይባላል። በሆድ በኩል አልትራሳውንድ ሲያዩኝም ምንም አልታየም። ፅንሱ ሞቷል ማለት ነው?»

እህቴ፣ ይህን ብቻ ይዞ «ሞቷል» ማለት አይቻልም። «ደህና ነው» ማለትም አይቻልም። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ይህን ምርመራ በሰው ደም ላይ ስሠራ ኖሬ በራሴም ደርሶብኛል። ስለዚህ ቁጥሮችሽን አብረን እንያቸው።

መጀመሪያ 412ን ለብቻው። ኢንተርኔት ላይ የሳምንት ሰንጠረዥ አይተሽ ይሆናል። ለ5ኛ ሳምንት ከ18 እስከ 7,340 ይላል። አቦ፣ ይሄ ክልል ነው ወይስ በረሃ? የሰፋበት ምክንያት ግን አለው። ኤችሲጂ የእርግዝና ሆርሞን ነው፤ የሚሠራውም የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል ነው። ደም ውስጥ መታየት የሚጀምረውም ፅንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው። ይህ እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይሆናል። አንዷ በ8ኛው ቀን ተጣብቆላት ሌላዋ በ12ኛው ቢሆን የ4 ቀን ልዩነት አላቸው። በ2 ቀን እጥፍ ከሆነ በ4 ቀን አራት እጥፍ ነው። ሁለቱም ጤነኞች፣ ሁለቱም በፔሬድ ቆጠራ «5 ሳምንት»፣ ቁጥራቸው ግን ሩቅ ለሩቅ። ፔሬድሽ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉም ዘግይቶ ስለሚወጣ 5 ሳምንት ያልሽው በእውነቱ 4 ሳምንት ከጥቂት ቀን ሊሆን ይችላል። ስንት ሳምንት ነኝ፣ መንታ ነው ወይ፣ ወንድ ነው ሴት የሚለው ከአንድ ቁጥር አይነበብም።

የሚነበበው ጉዞው ነው። እዚህ ላይ «እጥፍ» የሚለው ወሬ ብዙ ሴት አስለቅሷል። እጥፍ መሆን የተለመደው ነው እንጂ ዝቅተኛው ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር ከ1,500 በታች ከሆነ ከጤነኛ እርግዝና በ48 ሰዓት የሚጠበቀው ትንሹ ጭማሪ 49 ከመቶ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከ3,000 በላይ ሲሆን 33 ከመቶም ይበቃል። ከ8 እስከ 11 ሳምንት አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርስና በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ በ10ኛ ሳምንት ኤችሲጂ እየደጋገሙ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንቺ ከ412 ወደ 640 ሄደሻል፤ 55 ከመቶ ጨምሯል። ግን ሰዓቱን ተመልከቺው። ከሰኞ 10 ሰዓት እስከ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት 48 ሰዓት አይደለም፣ 40 ነው። በዚሁ ፍጥነት እስከ 48 ሰዓት ቢሄድ ኖሮ ወደ 700 ይጠጋ ነበር፤ ያ 70 ከመቶ ገደማ ነው። እጥፍ ባይሆንም ከዝቅተኛው ልክ በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀን ብቻ ጽፈው ሰዓቱን ሲተዉ ይህ ስሌት ይበላሻል፤ ስለዚህ ደም የተቀዳበትን ሰዓት ራስሽ ያዢ። ባዶ ሆድ መሄድም አያስፈልግም፤ ጠዋት ፉልሽን በልተሽ ብትሄጂ ቁጥሩ አይለወጥም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። በሁለተኛው እርግዝናዬ 286 ወጣልኝ። በ48 ሰዓት 391 ሆነ። ጨመረ ብዬ ለአማቴ ሳይቀር ነገርኳት። የሥራ ባልደረባዬ ግን ፊቷ አልፈታም፤ 37 ከመቶ ነዋ! ሦስተኛው ምርመራ ሲደርስ የእኛ ማሽን ተበላሸና ሌላ ቦታ ሰጠሁ። 630 አሉኝ። ዘለልኩ። ሐኪሜ ግን ከዚያው ደም ትንሽ አስቀርታ ነበርና የእኛ ማሽን ሲጠገን አሠራችው፦ 520። ያው ደም፣ ያው ሰዓት፣ ሁለት ማሽን። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የማሽኖቹ መለኪያ ስለሚለያይ ነው እንጂ። በአንዱ ሰዓት የሚሄድን ሰው በሌላ ሰዓት ቆጥሮ ዘገየህ እንደማለት ነው። የእኔ እርግዝና ከማህፀን ውጪ፣ የግራ ቱቦ ውስጥ ነበር።

እንዲህ ያለውን እርግዝና የሚያስቆመውን መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴት፣ ተወጋሁ። በ4ኛው ቀን ቁጥሩ 710 ሲሆን አልቅሼ ነበር፤ ለካ በ4ኛው ቀን መጨመሩ ያጋጥማል። የሚታየው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ቢያንስ 15 ከመቶ መውረዱ ነው። በ7ኛው 560 ሆነ። ከዚያ በየሳምንቱ እያሠራሁ ከ5 በታች እስኪወርድ ጠበቅሁ።

ይህን ያመጣሁት ላስፈራራሽ አይደለም። በጣም ዘገምተኛ ጉዞ ችግር እንዳለ ይጠቁማል፤ ግን የት እንዳለ አይናገርም። ተገላቢጦሹም አለ፦ ከማህፀን ውጪ ከሆኑት ከ5ቱ አንዱ ያህል ቁጥሩ እንደ ጤነኛ እርግዝና ይወጣል። ስለዚህ ያንቺ 55 ከመቶ «ማህፀን ውስጥ ነው» የሚል ማስረጃ አይሆንም። ቦታውን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ብቻ ነው።

በ640 ደግሞ አልትራሳውንድ ባዶ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። በውስጥ በኩል በሚደረገው እንኳ የፅንሱ ከረጢት በደንብ የሚታየው ቁጥሩ ሺዎች ውስጥ ሲገባ ነው። በሆድ በኩል የሚደረገው ይበልጥ ይዘገያል። አንዳንድ ሐኪም 1,500 ላይ ካልታየ ብሎ ይጨነቃል፤ ጥንቃቄ የሚሹት ግን 3,500 ድረስ ይጠብቃሉ፣ ገና በጠዋቱ ያለ ጤነኛ ፅንስ በስህተት እንዳይነካ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያው ላብራቶሪ ድገሚው። ከረቡዕ 640 ተነስቶ ቢያንስ ወደ 954 መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ቢሆን ወይም ቢወርድ ውጤቱን ይዘሽ ለሐኪምሽ አሳዪ፤ ራስሽ ፍርድ አትስጪ። እየወጣ ከሄደም ሐኪምሽ በሚለው ቀን፣ ምናልባት ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ በውስጥ በኩል አልትራሳውንድ ጠይቂ። አርብን ሳትጠብቂ የምትሮጪበት ጊዜም አለ፦ በአንድ ጎን የሚወጋ ሕመም፣ ትከሻ ጫፍ ላይ ሕመም፣ ራስ መዞር ወይም መሳት፣ ብዙ ደም። ያኔ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድል ጮራ ወይም የሚቀርብሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ ቱቦ በትንሽ ቁጥርም ይፈነዳል።

የአርቡን ውጤት ስትነግሪኝ ሰዓቱንም ጨምሪበት።