የአማካይ ወጪ ዝቅተኛ ነጥብ

«የዳቦ ቤቱ የቀን ወጪ C(x) = 0.02x² + 4x + 1800 ብር ነው። ስንት ዳቦ ሲጋገር ነው የአንዱ አማካይ ወጪ የሚያንሰው? x እጅግ ሲበዛስ ወደ 4 ብር ይጠጋል?»

አይጠጋም። ሁሉንም ለ x ሲያካፍሉት A(x) = 0.02x + 4 + 1800/x ያገኛሉ። 1800 ብሩ የኪራይና የመሳሰለው ቋሚ ወጪ ስለሆነ ዳቦው በበዛ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ይቀንሳል። 0.02x ግን ያድጋል፤ ምድጃው ሲጨናነቅ የትርፍ ሰዓት ክፍያው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

A′(x) = 0.02 − 1800/x² ዜሮ የሚሆነው x = 300 ላይ ነው። እዚያም ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 6 ብር ይሆናሉ፤ አማካዩ 6 + 4 + 6 = 16 ብር ነው። መልስዎን በዚህ እኩልነት ያረጋግጡ፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ነው።

x ሲበዛ 1800/x ይጠፋና ግራፉ y = 0.02x + 4 የሚለውን ዘንበል ያለ መስመር ይጠጋል። በ600 ዳቦ አማካዩ 19 ብር ደርሷል። ወደ 4 ብር የሚጠጋው x² ያለበት ቁጥር ባይኖር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ዝቅተኛ ነጥብ አይኖርም።