«test» እና ትርጉም የሌለው ፊደል ሲላክልን፦ ጥያቄና መልስ

ሰላማዊት፦ ጋሽ ሙራድ፣ በሱቃችን ቴሌግራም «test» ይልኩና ዝም ይላሉ። ለምንድን ነው?

ሙራድ፦ ሰው መኖሩን እያዩ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ጭረት ማለት መልእክቱ ሰርቨር ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት የሚሆነው ስትከፍቺው ነው። ኔትወርክ ሄዶ ሲመለስ ማንም ረጅም ጥያቄ ከመጻፉ በፊት በአንድ ቃል ይሞክራል። «ምን ፈለጉ?» ብትዪው ይሸሻል። መድረሱን፣ ማን እንደሆናችሁ፣ እስከ ስንት እንደምትቆዩ ንገሪውና በቀላሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ «ደርሶናል፤ የቡና ሱቅ ነን፣ እስከ ምሽቱ 12 አለን። ጥሬ ነው የተቆላ የፈለጉት?» ካልመለሰ አትነዝንዢው። ሊንክና ኮድ ግን እንዳትልኪ።

የመርካቶው፦ ለእኔ «ፕሪቸ» የሚል መጣ። የሰከረ መስሎኝ ብሎክ አደረግኩት።

ሙራድ፦ ገዢ ነው ያባረርከው። ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይቀይር እንግሊዝኛ ጽፏል። ፊደሎቹን በተጻፉበት ቁልፍ መልሳቸው፦ ፕ p፣ ሪ ri፣ ቸ ce፤ price ወጣ። «ተስት»ም test ነው። ተቃራኒውም አለ፤ «wag snt nw» አናባቢ የተዘለለበት «ዋጋ ስንት ነው» ነው።

ጅማ ላይ የባሰው ሌላ ነው። «gatiin isaa meeqa» ሲመጣ ዝባዝንኬ ነው ብለው የሚያጠፉ አሉ። አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው ይላል። aa፣ ee፣ ii እየተደጋገሙ ከመጡ፣ q፣ x ወይም dh ከታየ፣ ማንበብ ለሚችል ሰው ሳታሳይ አታጥፋው፤ መልሱም በዚያው ቋንቋ ይሁን። «asdfgh» እና «jjkkl» ግን በአንድ መስመር የተጎራበቱ ቁልፎች ናቸው፤ ኪስ ውስጥ የተጫነ ስልክ ወይም ሕፃን ነው። ተወው።

ሰላማዊት፦ ለእሱስ ቢሆን «ተሳስተው ይሆን?» ማለት አይሻልም?

የመርካቶው፦ ሥራ አጣሽ እንዴ! ራሱ የሚመልስ መልእክት አስገቢና ተገላገይ።

ሰላማዊት፦ ሰው ሳይኖር «ደርሷል» ይልና ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃላ።

ሙራድ፦ የሥራ ሰዓት ከተጻፈበት ይሁን። በቀረው እዚያው ተከራከሩ።

አብዲ፦ ለእኔ አምስት አኃዝ ብቻ መጣ፤ ከቴሌግራም ነው። ይህም ቴስት ነው?

ሙራድ፦ አይደለም! የመግቢያ ኮድ ነው። አንተ ካልጠየቅክ አንድ ሰው በቁጥርህ ሊገባ እየሞከረ ነው። «በስህተት ወደ አንተ ተልኳል፣ ንገረኝ» የሚል ካለ፣ ወንድምህም ቢሆን አትስጠው። ሴቲንግ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ክፈት። ኮድ አይላክም አልኩ እኮ ከላይ።

ተጓዥ፦ ጋሼ፣ ሰዎች ለምን «test» ይጽፋሉ?

ሙራድ፦ ከላይ አንብብ።

ተጓዥ፦ አነበብኩ፤ ዋትሳፕ ላይስ?

ሙራድ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። እዚያ ሁለት ጭረት ስልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ሲነበብ ነው ሰማያዊ የሚሆነው፣ ያም ሰውየው ካልዘጋው። ግራጫ ሁለት ያየ «ደርሷል፣ ለምን አይመልሱም» ብሎ ሁለተኛ «test» ይልካል። መልሱ ያው ነው።