21 ቀን ሳያልፍ ይንቀሳቀሱ

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ነው የምኖረው። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለቆየ የግብር ዕዳ የባንክ ሂሳቤን አሳገደ፤ ባንኩ ‹እኛ ምንም ማድረግ አንችልም› አለኝ። ሂሳቡ ውስጥ 4,200 ዶላር አለኝ፤ የ1,900 ዶላር የቤት ኪራዬስ?»

መልስ፦ ባንኩ እውነቱን ነው፤ ክርክሩ ከእርሱ ጋር አይደለም። ባንኩ የአይአርኤስ የእገዳ ትዕዛዝ በደረሰበት ጊዜ የነበረውን ገንዘብ 21 ቀን ይዞ ያቆያል፤ ከዚያ ለአይአርኤስ ይልካል። አዲስ ትዕዛዝ ካልመጣ በስተቀር በኋላ የሚገባው ደመወዝ አይነካም።

ስለዚህ ዛሬውኑ በትዕዛዙ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። «አዝኑልኝ» ማለት ብዙም አይረዳም። የሚሠራው እገዳው መሠረታዊ የኑሮ ወጪዎን እንዳይሸፍኑ ማድረጉን በወረቀት ማሳየት ነው፤ ሕጉ በዚህ ምክንያት እንዲለቀቅ ያዛል። የወር ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ቅጽ 433-F አዘጋጅተው፣ የኪራይ ውልና የደመወዝ ደረሰኝ ይያዙ። ሙሉውን እምቢ ካሉ ለኪራይ የሚሆነው 1,900 ዶላር እንኳ እንዲለቀቅ ይጠይቁ፤ ከፊል መልቀቅ አለ።

ለቀሪው ዕዳ በየወሩ የመክፈል ስምምነት ያቅርቡ። ያልቀረበ የዓመት የግብር ማስታወቂያ ካለ ግን ስምምነቱ እዚያው ይቆማል፤ መጀመሪያ እርሱን ያስገቡ። ሲፈቅዱ የመልቀቂያውን ቅጽ 668-D በቀጥታ ለባንኩ በፋክስ እንዲልኩ ያድርጉ፤ በፖስታ ከሆነ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።